በ50 ፓውንድና በ23 ኪሎ መካከል ያለችው ክፍተት



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሻንጣ ነው። ሻንጣው የአክስቴ ነበር፤ ክብደቱም 51 ፓውንድ። አክስቴ የሚኖሩት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ልጃቸው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ መኖር ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ዓመት መውለጃዋ ሲቃረብ እናቷ መጥተው እንዲያርሷት ትኬት ቆርጣ ላከችላቸው። ትኬቱ ሁለት ሻንጣ ይፈቅዳል፤ እያንዳንዱ እስከ 23 ኪሎ።

አራስ ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ምን እንደሚገባ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በአንደኛው ሻንጣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የአጥሚት ዱቄት፣ በሶና የዘጌ ቡና ገባ። በሁለተኛው ድርቆሽ፣ ጋቢና የሕፃን ልብስ። ሻንጣዎቹ እኩል ናቸው፤ ከአንድ ሱቅ የተገዙ። ዱቄት ግን ቦታ ሳይዝ ይከብዳል፣ ድርቆሽ ደግሞ ሳይከብድ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በዓይን ሲታዩ መንታ የሚመስሉት ሻንጣዎች በክብደት አይገናኙም።

መመዘን ነበረብን። ቤት ውስጥ ያለችው ሚዛን ልጃቸው ባለፈው ስትመጣ ያመጣቻት፣ በእጅ አንጠልጥለው የሚመዝኑባት ትንሽ የባትሪ ሚዛን ናት። መስኮቷ ላይ የምታሳየው በፓውንድ ነው፤ ከቁጥሩ ጎን lb የሚል ምልክት ይበራል። የዱቄቱን ሻንጣ አነሳሁት፤ 51.0 አለች። የድርቆሹን አነሳሁ፤ 48.4።

እኔ ሂሳብ አስተምሬ የኖርኩ ሰው ነኝና ቤተሰቡ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ፓውንድን ወደ ኪሎ ለመለወጥ ብዙ ሰው የሚያውቃት አቋራጭ አለች፦ ቁጥሩን ለሁለት ትከፍሉታላችሁ፣ ከግማሹ ላይ አንድ አሥረኛውን ትቀንሳላችሁ። የ51 ግማሽ 25.5 ነው። አሥረኛው 2.55። ሲቀነስ 22.95 ይቀራል። ከ23 በታች ነው። «ያልፋል» አልኳቸው። አክስቴም «ልጄ፣ አንተ ካልክ ይበቃኛል» ብለው ሻንጣውን በገመድ አስረው አሳደሩት።

በማግሥቱ ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣው ሚዛን ላይ ሲወጣ 23.1 አለ። ሠራተኛዋ በትሕትና ትንሽ እንድንቀንስ ጠየቀችን። ከኋላችን ሰልፍ አለ። አክስቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ወለል ላይ ተንበረከኩ፤ ያን ሁሉ ገመድ ፈታን፤ ግማሽ ኪሎ ያህል በሶ አውጥተን ወደ ሁለተኛው ሻንጣ አዛወርን። ነገሩ በአምስት ደቂቃ አለቀ። እኔ ግን እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው በሰው ፊት ወለል ላይ ተንበርክከው ያየሁበት ሰዓት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ቤት እንደ ተመለስኩ ስሕተቱ የት እንዳለ ለማግኘት ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ያገኘሁትን ነው የማካፍላችሁ።

መጀመሪያ ሚዛኗን ጠረጠርኩ። ሚዛኗ ግን ንጹሕ ናት። አንድ ፓውንድ ስንት ኪሎ እንደሆነ በግምት የተተወ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 አሜሪካና እንግሊዝን ጨምሮ ስድስት አገሮች ፓውንድን በኪሎግራም ተርጉመውታል፤ አንድ ፓውንድ ልክ 0.45359237 ኪሎግራም ነው። ለእኛ ሥራ 0.4536 ይበቃል። 51ን በዚህ ካባዛችሁት 23.13 ይሆናል። የማረፊያው ሚዛን 23.1 ያለው እውነቱን ነው። የእጅ ሚዛኗም 51 ስትል እውነቷን ነበር። የተሳሳተችው አቋራጯ ናት።

ግማሹን ወስዶ አሥረኛውን መቀነስ ማለት በ0.45 ማባዛት ነው። ከእውነተኛው ቁጥር ጋር ያለው ልዩነት በአንድ ፓውንድ ከአራት ግራም አይበልጥም፤ ስለዚህ ማንም ልብ አይለውም። አሥር ፓውንድ ቡና ስትለውጡ የምትሳሳቱት 36 ግራም ነው፤ አንድ እፍኝ እንኳን አይሞላም። ሻንጣው ግን 51 ፓውንድ ነው። ትንሿ ጉድለት ሃምሳ አንድ ጊዜ ትደጋገማለች፤ 180 ግራም ያህል ትደርሳለች። እኔ 22.95 ያልኩት ነገር 23.13 የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋናው ነገር የስሕተቱ መጠን ሳይሆን የሚያዘነብልበት ወገን ነው። ይህች አቋራጭ ሁልጊዜ ሻንጣውን ከእውነቱ ቀላል አድርጋ ታሳያለች። አንድም ቀን አክብዳ አትሳሳትም። የስጋ ነጋዴ ሚዛን ቢሆን ኖሮ ደንበኛው ደስ ይለው ነበር፤ ገደብ ፊት ለቆመ መንገደኛ ግን አደገኛው ወገን ይኼው ነው። ይበልጥ የገረመኝ የት ላይ እንደምታታልል ሳሰላው ነው። 23 ኪሎ በፓውንድ 50.7 ነው። አቋራጯ «ያልፋል» የምትለው ግን እስከ 51.1 ድረስ ነው። እንግዲህ ሚዛናችሁ 50.8፣ 50.9፣ 51.0 ወይም 51.1 ካሳየ፣ በአቋራጯ ያልፋል፤ በማረፊያው ሚዛን ግን ከ23 በላይ ነው። ጠባብ ቦታ ናት፤ ግን የማንኛችንም ሻንጣ መጨረሻው እዚያች ቦታ ላይ ነው። ለዘመድ የሚጫን ሻንጣ በ40 ፓውንድ ላይ አይቆምም። «አሁንም ትንሽ ቦታ አለው» እየተባለ፣ አንድ ፌስታል እየተጨመረ፣ ገደቡ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው የሚቆመው።

ለዚህ መፍትሔው ምንድን ነው? ስልክ ያለው ሰው በ0.4536 ያባዛል፤ ያልቃል። በቃል ማስላት ለሚወድ ደግሞ ለ2.2 ማካፈል ይሻላል። 51ን ለ2.2 ስታካፍሉ 23.18 ይመጣል። ይህም ትክክለኛ አይደለም፤ ሃምሳ ግራም ያህል ይስታል። ግን የሚስተው አክብዶ ነው። ሻንጣችሁን ሃምሳ ግራም ቀለል አድርጋችሁ ትሄዳላችሁ እንጂ ወለል ላይ አትንበረከኩም።

እኔ ራሴ አሁን የምከተለው ግን ከዚህም የቀለለ ነው። ጣና ዳር ታንኳ ላይ እንጨት የሚጭን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ። ጭነቱን በቁጥር አያሰላም። ደንገሉ ውኃ ውስጥ ምን ያህል እንደ ገባ፣ ውኃው ከአፋፉ ስንት ጣት እንደ ቀረው ያያል፤ መጫኑን የሚያቆመው እዚያው በሚያየው ምልክት ነው። እኔ ግን ያደረግሁት ተቃራኒውን ነበር፤ ሻንጣው በተመዘነ ቁጥር፣ አንድ ፌስታል በተጨመረ ቁጥር፣ አዲሱን ቁጥር ከፓውንድ ወደ ኪሎ ስለውጥ አመሸሁ። በለወጥኩ ቁጥርም አዲስ ስሕተት ልሠራ እችል ነበር። መለወጥ የነበረብኝ ገደቡን ነው፤ እሱም አንድ ጊዜ ብቻ። ገደቡ በፓውንድ ስንት እንደሆነ ካወቅሁ፣ ሚዛኗም የምታሳየው በፓውንድ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ማየት እንጂ ማስላት የለም።

ገደቡን መለወጥ በቃል ይቻላል፦ ኪሎውን እጥፍ አድርጉና የእጥፉን አሥረኛ ጨምሩበት። 23 ሲታጠፍ 46፤ አሥረኛው 4.6፤ ድምሩ 50.6። እውነተኛው 50.7 ነበር፤ እኛ ያገኘነው በአንድ አሥረኛ ፓውንድ ያነሰ ነው። ገደብን አሳንሶ መሳሳት ደግሞ ጉዳት የለውም። በእጅ የምትያዘዋ ቦርሳ እስከ 7 ኪሎ ከተፈቀደችላችሁ፣ 14 ሲደመር 1.4፣ 15.4 ፓውንድ ትሆናለች። 32 ኪሎ ለተፈቀደለት 64 ሲደመር 6.4፣ 70.4። በዕድሜ ከፍ ያላችሁ፣ ቡና የነገዳችሁ ሰዎች፣ ይህ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። ፈረሱላን 17 ኪሎ ብላችሁ ስትቆጥሩ ኖራችኋል፤ 17ን አጥፋችሁ አሥረኛውን ብትጨምሩ 37.4 ፓውንድ ታገኛላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁ፤ የሚዛኗን መስኮት ስለማንበብ ነው። አንዳንዶቹ የእጅ ሚዛኖች ፓውንድን በነጥብ አያሳዩም። 50:12 ብለው በሁለት ነጥብ ያሳያሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ፓውንድ ነው፤ ሁለተኛው አውንስ። አንድ ፓውንድ 16 አውንስ ስለሆነ፣ 12 አውንስ የፓውንድ ሦስት ሩብ ነው። ስለዚህ 50:12 ማለት 50.75 ፓውንድ ነው፤ ይህም 23.02 ኪሎ ይሆናል፣ ከገደቡ በላይ። ሁለቱን ነጥብ እንደ አንድ ነጥብ አይቶ 50.12 ብሎ ያነበበ ሰው ግን 22.73 ኪሎ ያገኝና ገና 270 ግራም ይቀረኛል ብሎ አንድ ከረጢት ይጨምራል። ሚዛናችሁ የትኛውን እንደምታሳይ የምታውቁት ስትመዝኑ ነው፦ ሁለተኛው ቁጥር 10፣ 11፣ እስከ 15 ደርሶ ወደ ዜሮ የሚመለስ ከሆነ አውንስ ነው። አብዛኞቹ ላይ UNIT የሚል ቁልፍ አለ። እሱን ደጋግማችሁ ስትጫኑት kg እስኪመጣ ድረስ ይቀያየራል። የአክስቴ ሚዛን ላይ ቁልፉን በባትሪው ክዳን ሥር ተደብቆ ያገኘሁት ከወር በኋላ ነው።

አሁን ወደ ክፍተቷ ልምጣ፤ የዛሬው ንግግሬ ርዕስ እሷ ናትና። አየር መንገዶች ገደባቸውን ሲጽፉ ብዙ ጊዜ «23 ኪሎ፣ 50 ፓውንድ» ብለው ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። አንድ ዓይነት ይመስላሉ። አይደሉም። 50 ፓውንድ 22.68 ኪሎ ነው። ወደ ሙሉ ቁጥር ሲጠጋ 23 ተባለ። 70 ፓውንድም እንዲሁ 31.75 ኪሎ ሆኖ ሳለ 32 ይባላል። በ50 ፓውንድና በ23 ኪሎ መካከል 320 ግራም አለ፤ ከሩብ ኪሎ በላይ ቡና።

ይህ ማንን ይጎዳል? ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ በቦሌ አልፎ፣ ዋሽንግተን ደርሶ ጉዞው እዚያ የሚያልቅለትን ሰው ብዙም አይጎዳውም፤ ሻንጣው የሚመዘነው እዚህ ነው፣ በኪሎ። ግን ዋሽንግተን ላይ ሻንጣውን ተረክቦ፣ በሌላ ትኬት፣ በአሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ ወደ ሚኒሶታ የሚቀጥል ሰው አስቡ። እዚህ 22.9 ኪሎ የነበረ ሻንጣ ያለ አንዳች ክርክር ያልፋል። እዚያ ያለው ሚዛን የሚያሳየው በፓውንድ ነው፣ ገደቡም 50። ያው ሻንጣ 50.5 ይላል። አንድም ነገር አልተጨመረበትም፤ መንገደኛው ግን በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ ሻንጣውን ሊፈታ ነው። ስለዚህ ለቤተሰቦቼ የምመክረው 22 ኪሎ ተኩል ላይ እንዲያቆሙ ነው። 22.5 ኪሎ 49.6 ፓውንድ ነው፤ በሁለቱም ሚዛን ያልፋል። የእጅ ሚዛናችሁ በመቶ ግራም ብትሳሳት እንኳን ይሸፍንላችኋል።

ትኬቱንም በደንብ አንብቡ። 2PC የሚል ከሆነ የተፈቀደው ሁለት ሻንጣ ነው፤ እያንዳንዱም ለብቻው ይመዘናል። የአክስቴ ሁለት ሻንጣዎች ተደምረው 99.4 ፓውንድ፣ ማለትም 45.1 ኪሎ ነበሩ፤ ከ46 በታች። ድምሩ ግን አላዳነንም፤ አንዱ ሻንጣ ገደቡን ስላለፈ ብቻ ለመፍታት ተገደድን። 30K ዓይነት ጽሑፍ ካለበት ደግሞ የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ነው፤ ያኔ የሚቆጠረው ድምሩ ነው። ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ ያለውን በረራ ለብቻው በሌላ ትኬት የቆረጠ ሰው፣ ለዚያ በረራ የሚሠራው ገደብ የውጭው ሳይሆን በዚያው ትኬት ላይ የተጻፈው እንደሆነ ልብ ይበል።

ፓውንድን በኪሎ መሳት ሻንጣ ከማስፈታት አልፎ ምን ሊያደርስ እንደሚችል የታየበት አንድ በረራ አለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 1983 የካናዳ አየር መንገድ አንድ ቦይንግ 767 ከሞንትሪያል ተነሥቶ በኦታዋ በኩል ወደ ኤድመንተን ይበር ነበር። ለጉዞው 22,300 ኪሎ ነዳጅ ያስፈልገዋል። የነዳጅ መለኪያው ስላልሠራ፣ በጋኑ ውስጥ ያለውን በእንጨት እንደሚለካ ዘይት በዘንግ ለክተው በሊትር አገኙት፤ ከዚያ ወደ ክብደት ለወጡት። ያባዙት በ1.77 ነበር። 1.77 የአንድ ሊትር ነዳጅ ክብደት ነው፤ ግን በፓውንድ። በኪሎ 0.8 ያህል ነው። ባለሙያዎቹ ያገኙትን ቁጥር ኪሎ ነው ብለው ስለወሰዱት፣ አውሮፕላኑ ከሚያስፈልገው ከግማሽ ባነሰ ነዳጅ ተነሣ። ሰማይ ላይ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ካፒቴኑ አውሮፕላኑን ያለ ሞተር አንሳፍፎ ጊምሊ በምትባል ቦታ፣ አገልግሎት ባቆመ የአየር ኃይል ሜዳ ላይ አሳረፈው፤ የሞተ ሰው አልነበረም። ማባዛቱ አልተሳሳተም ነበር። ቁጥሩ የምን ቁጥር እንደሆነ ነው የጠፋው።

እኛም ውጭ ካሉ ዘመዶቻችን ጋር በስልክ የምናደርገው ይኸንኑ ነው። ከወዲያ «ሃምሳ ሞላ» ይባላል፤ ከወዲህ «ሃያ ሁለት ነው» እንላለን፤ የምኑን ማንም አይጠራም። ለእኛ ክብደት ሲባል ኪሎ ነው፣ ለእነሱ ፓውንድ። ቁጥር ስትነጋገሩ ስሙን አስከትሉት። «ሃምሳ ፓውንድ» በሉ።

ሚዛናችሁን ስለመፈተሽ ተናግሬ ላብቃ። የእጅ ሚዛን ልክ መሆኗን የምታውቁት ክብደቱን በምታውቁት ነገር ነው፤ እሱም በየሱቁ አለ። ሁለት ሁለት ሊትር የሚይዙ ስድስት የውኃ ሃይላንዶች በላስቲክ ታስረው ይሸጣሉ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ውኃው ብቻ 12 ኪሎ ነው፣ ከፕላስቲኩ ጋር ትንሽ ይበልጣል። በፓውንድ ወደ 27 ይጠጋል። እሱን አንጠልጥላችሁ ሚዛኗ 25 ካለች አትመኗት፤ አቅልላ ነው የምታሳየው፣ ምናልባትም ባትሪዋ ደክሟል። 29 ካለችም አትመኗት፤ ግን ቢያንስ በገደብ ፊት አታዋርዳችሁም። ከመመዘናችሁ በፊት ማሰሪያዋ ተንጠልጥሎ ሳለ ዜሮ ማሳየቷን እዩ። ሻንጣውን ስታነሡ ክንዳችሁን ወደ ሰውነታችሁ አስጠግታችሁ፣ ሻንጣው መወዛወዙን እስኪያቆም ጠብቁ፤ እየተወዛወዘ የተነበበ ቁጥር ግማሽ ፓውንድ ወዲህና ወዲያ ይላል። ሦስት ጊዜ መዝኑና ትልቁን ያዙ።

አክስቴ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው፣ አርሰው፣ በሰላም ተመልሰዋል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሲነሡ ልጃቸው የመዘነችላቸው ሻንጣ 49.4 ፓውንድ ነበር፤ ስልክ ደውለው ራሳቸው ነገሩኝ፣ «ሃምሳ ፓውንድ እንዳይሞላ ብያታለሁ» ብለው። ዛሬ ሚዛኗን ከእሳቸው ተውሼ ይዤ መጥቻለሁ። ጀርባዋ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የእሳቸው የእጅ ጽሑፍ ነው፦ 23 ኪሎ፣ 50 ፓውንድ፤ 32 ኪሎ፣ 70 ፓውንድ፤ 7 ኪሎ፣ 15 ፓውንድ። እዚህ ጠረጴዛው ሥር አንድ እስር ውኃ አለ። በዚህ ሳምንት የሚሄድ ዘመድ ያላችሁና ሚዛናችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወደፊት ቅረቡ፣ ከእናንተ እንጀምር።